የጓደኛዬ ንግድ ለኔም ይሆነኛል? የአባያ ሽያጭን እንደ ምሳሌ



በግቢ ሕይወት ንግድ ለመጀመር የሚያስብ ተማሪ ሐሳቡን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ከጓደኛው ነው። ጓደኛው አንድ ነገር እየሸጠ ወጪውን ሲሸፍን፣ ለቤተሰቡም ሲልክ ያያል። «እሱ ከቻለ እኔስ ምን ያንሰኛል?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን የሚመለሰው በሞራል ሳይሆን በሒሳብ ነው። ምክንያቱም ከጓደኛችን ንግድ ለዓይናችን የሚታየው ዕቃው፣ ዋጋውና ገዢው ብቻ ነው። ትርፉን ያመጣው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ጀርባ ያለው ነው፤ ዕቃው በምን ውል እንደመጣ፣ ያልተሸጠው የት እንደሚሄድ፣ ገዢው በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚገዛ።

በዚህ ጽሑፍ ብዙ ንግዶችን ከመዘርዘር ይልቅ በእህቶቻችን ዘንድ የተለመደውን አንዱን፣ በቴሌግራም አባያና ሂጃብ መሸጥን፣ ከሥር ከመሠረቱ እንመለከታለን። ሁለት ተማሪዎችን እናስብ። አንደኛዋ አዲስ አበባ ትማራለች፤ ንግዱም ሰምሮላታል። ሁለተኛዋ ጓደኛዋ አርባ ምንጭ ትማራለች፤ ያንኑ ንግድ ልትጀምር ነው። ዋጋዎቹ ለስሌት እንዲመቹ የተጠጋጉና ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው። እናንተ በምታውቁት የገበያ ዋጋ ተክታችሁ ማስላት ትችላላችሁ።

የአዲስ አበባዋ እህት በእርግጥ የምትሸጠው ምንድን ነው?

የአዲስ አበባዋ እህት በቴሌግራም ቻናሏ የአባያ ፎቶ ትለጥፋለች። አንዱን በ2,500 ብር ትሸጣለች፤ ዋጋው ለሷ 2,000 ብር ነው። በወር 20 ያህል ይሸጥላታል። ከአንዱ 500 ብር ታተርፋለች፤ በወር 10,000 ብር ይሆናል። የሚታየው ይህ ነው።

የማይታየውን ደግሞ እንይ። አጎቷ መርካቶ አንዋር መስጊድ አካባቢ የአባያ ሱቅ አለው። ዕቃውን የምትወስደው ሳትከፍል ነው። ከሸጠች በኋላ 2,000ውን ለአጎቷ ታስገባለች፤ ያልተሸጠውን ወደ መደርደሪያው ትመልሳለች። ገዢ «ይሄ አጠረኝ» ካለቻት በማግስቱ በሌላ ቁጥር ትለውጥላታለች። ገዢዎቿ ግቢዋ ያሉ እህቶች ብቻ አይደሉም፤ ቻናሏን የከተማው ሰው ያየዋል። የማድረሻውን ሒሳብ ገዢዋ ትከፍላለች።

ስለዚህ ይህች እህት በእርግጥ ያላት የአባያ ንግድ ሳይሆን የሽያጭ ሥራ ነው። ንግዱ የአጎቷ ነው። መነሻ ገንዘቡን ያወጣው፣ ዕቃው ባይሸጥ የሚጎዳው፣ ፋሽኑ ቢያልፍ የሚከስረው እሱ ነው። የሷ ድርሻ ፎቶ ማንሳት፣ ከገዢ ጋር መነጋገርና ዕቃውን ማድረስ ነው። 500 ብሩ የዚህ ድካም ዋጋ ነው። «ቀላል ነው፣ ብቻ ጀምሪው» ብትላችሁ አልዋሸችም። ለሷ በእርግጥም ቀላል ነው። አጎት ያለው ሰው «የአጎቴ ሱቅ» የሚለውን እንደ ወጪ ስለማይቆጥረው ሲያወራም አያነሳውም።

ያው ንግድ አርባ ምንጭ ሲደርስ

የአርባ ምንጯ እህት የቻለችውን ያህል አጠራቅማ፣ የጎደለውን ከወንድሟ ተቀብላ መርካቶ ትሄዳለች። ሻጩ ስለማያውቃት በዱቤ አይሰጣትም፤ «ካልተሸጠ እመልሳለሁ» የሚል ስምምነትም የለም። ብዛቱም ትንሽ ስለሆነ ሙሉ የጅምላ ዋጋ አታገኝም። አንዱን በ2,100 ብር ሒሳብ 20 አባያ ትገዛለች፤ 42,000 ብር ይሆናል። ደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የማደሪያና የጭነት ወጪ 4,000 ብር እንበል። ጠቅላላ ወጪዋ 46,000 ብር ደረሰ። ለ20 ሲካፈል አንዱ አባያ 2,300 ብር ፈጅቶባታል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ገና አንድም ሳይሸጥ የጓደኛዋ 500 ብር ትርፍ በሷ እጅ 200 ብር ሆኗል። ሃያውም ቢሸጥላት የምታተርፈው 4,000 ብር ብቻ ነው። «ታዲያ ዋጋ ትጨምር» ሊባል ይችላል። ግን ተማሪዋ ያንኑ አባያ በጓደኛዋ ቻናል 2,500 ተብሎ እያየችው ነው። ለዕረፍት ወደ ቤቷ ስትሄድም ልትገዛው ትችላለች።

ሁለተኛው ችግር የሳይዝ ነው። የአባያ ቁጥር ከትከሻ እስከ ታች ያለውን ርዝመት በኢንች የሚያሳይ ሲሆን በብዛት የሚገኙት 52፣ 54፣ 56፣ 58 እና 60 ናቸው። 54 ማለት 137 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አሁን አምስቱን ቁጥር በአራት ቀለም አባዙት፤ 20 ይሆናል። ማለትም ሃያ አባያ የያዘች እህት ከእያንዳንዱ ቁጥርና ቀለም አንድ ብቻ ነው ያላት። ጥቁር 54 የፈለገች የመጀመሪያዋ ገዢ ታገኛለች፤ ጥቁር 54 የፈለገች ሁለተኛዋ አታገኝም። ቡናማ 60 ደግሞ ፈላጊ አጥቶ ሻንጣ ውስጥ ይቀመጣል። ሻንጣው ሙሉ ሆኖ ሳለ «የለም» እያለች ገዢ ትመልሳለች። ጓደኛዋ ግን የአጎቷ መደርደሪያ በሙሉ ከጀርባዋ ስላለ ይህ ችግር አልገጠማትም።

ሦስተኛው ዱቤ ነው። በግቢ ውስጥ የምትሸጠው ለጀመዓ እህቶች ነው። «ቤተሰብ ሲልክልኝ እሰጥሻለሁ» ስትባል እምቢ ማለት ይከብዳታል።

እንግዲህ የአንድ ሴሚስተር ውጤቷ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ዘጠኝ በእጅ በእጅ ተሸጠ፤ 22,500 ብር። ሦስት በዱቤ ሄደ፤ ሁለቱ ተከፈለ፣ 5,000 ብር፤ ሦስተኛዋ ተመርቃ ወጣች። የቀሩትን ስምንት በሴሚስተሩ መጨረሻ ገንዘቡ እንዲመለስ ስትል በ1,900 ብር ለቀቀቻቸው፤ 15,200 ብር። ሲደመር 42,700 ብር ነው። ካወጣችው 46,000 ብር ሲቀነስ 3,300 ብር ከሰረች። የድካሟ ዋጋ ገና አልተቆጠረም። ሰነፍ ሆና አይደለም፤ ዘጠኝ አባያ በእጅ በእጅ መሸጥ ቀላል ሥራ አይደለም። የገለበጠችው የጓደኛዋን ዕቃና ዋጋ ነው፤ የጓደኛዋን ውል ግን መገልበጥ አይቻልም።

ገበያው ስንት ሰው ነው?

ከላይ ያለው ስሌት የዋጋ ነው። ከዋጋው ይልቅ የሚዘነጋው ግን የገዢው ቁጥር ነው። በአርባ ምንጩ ግቢ በጀመዓው የሚታወቁ 150 እህቶች አሉ እንበል። «150 ገዢ አለኝ» ማለት ያጓጓል። ግን አንዲት ተማሪ በዓመት ስንት አባያ ትገዛለች? አንድ እንበል። ከእነዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው የሚገዙት በዕረፍት ጊዜ፣ ቤታቸው ሄደው፣ ከቤተሰብ ጋር ነው ብንል ግቢ ውስጥ ሆነው የሚገዙት 50 ያህል ይቀራሉ። የዓመቱ ገበያ በሙሉ 50 አባያ ነው ማለት ነው። ጓደኛዋ ይህን ያህል የምትሸጠው በሁለት ወር ተኩል ነው።

ይህ ቁጥር ብዙ ነገር ይገልጻል። ዕቃው በመጀመሪያው ሳምንት ሞቅ ብሎ ይሸጥና ከዚያ ጸጥ ይላል፤ የሚፈልጉት ገዝተው ጨርሰዋልና። ጀማሪ ነጋዴ የመጀመሪያውን ሳምንት አይቶ «ገበያው ጥሩ ነው» ብሎ ሁለተኛ ዙር ዕቃ ሊያስጭን ይችላል። ያን ጊዜ ነው ገንዘቡ የሚታሰረው።

አንድ ግቢ ውስጥ ሆነን የጓደኛችንን ንግድ ስንገለብጥም የሚሆነው ይኸው ነው። እሷ የምትሸጥላቸው 50 ገዢዎች እኛ ስለጀመርን 100 አይሆኑም፤ 25 ለሷ፣ 25 ለኛ ይሆናሉ። ከዚያ ዋጋ መሰባበር ይከተላል። በመጨረሻ ሁለቱም ንግዶች ይደክማሉ፤ ጓደኝነቱም ይጎዳል።

ጊዜውም ሊያሳስት ይችላል። ጓደኛችን «መጋቢት ላይ እጥፍ ሸጥኩ» ብትለን ምክንያቱ ወሩ ሳይሆን ዒድ ሊሆን ይችላል። የሒጅራው ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ረመዳንና ዒድ በየዓመቱ ወደፊት እየቀደሙ ይመጣሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዒድ የፈተና ሳምንት ላይ፣ ሌላ ጊዜም የዕረፍት ወቅት ላይ ሊያርፍ ይችላል። የአዲስ አበባዋ እህት በዕረፍትም ከተማው ውስጥ ስላለች ትሸጣለች። የአርባ ምንጯ ግን ገዢዎቿ ሁሉ ወደየቤታቸው ይበተናሉ።

ሐሳቡን መበተን፤ የትኛው ክፍል ይሠራልናል?

እስካሁን ያየነው «አትጀምሩ» ለማለት አይደለም። ከጓደኛችን ንግድ ውስጥ ወደ እኛ ሊሻገር የሚችለውን ከማይሻገረው ለመለየት ነው። ለዚህ ጓደኛችንን አራት ነገር መጠየቅ ይበቃል።

1. ዕቃውን የምታመጪው በምን ውል ነው? ክፍያው መቼ ነው?
2. ያልተሸጠው የት ይሄዳል? ኪሳራውን የሚሸከመው ማን ነው?
3. ገዢዎችሽ እነማን ናቸው? አንዷ በዓመት ስንት ጊዜ ትገዛለች?
4. ሳትከፍዪ የምታገኚው ምንድን ነው? ቦታ፣ መጓጓዣ፣ የዘመድ እገዛ፣ የታወቀ ስም?

«ስንት ታተርፊያለሽ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ውስጥ የለም። መልሱ ለሷ እንጂ ለኛ አይሠራምና።

የአርባ ምንጯ እህት ከመልሶቹ የምትረዳው አጎት፣ መደርደሪያና የከተማ ገበያ ወደሷ ሊሻገሩ እንደማይችሉ ነው። የሚሻገረው ግን አለ። ገዢዎቹ ጓደኛዋን የመረጧት ሱቅ ለሱቅ መዞርን ስላስቀረችላቸውና ምርጫዋን ስለሚያምኑ ነው። ይህ ችግር አርባ ምንጭ ካለችው ተማሪ ዘንድ ይብሳል፤ መርካቶ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃታል። እሷ ደግሞ ጓደኛዋ የሌላት አንድ ነገር አላት፤ ከገዢዎቿ ጋር አንድ ግቢ ትኖራለች፣ ሜትር ይዛ ዶርም ድረስ ሄዳ ትከሻና ቁመታቸውን መለካት ትችላለች። እንግዲህ ንግዷ አባያ ይዞ መሸጥ ሳይሆን ትእዛዝ ሰብስቦ፣ በትክክል ለክቶ ማስመጣት ይሆናል።

ትእዛዝ ስንሰበስብ ሊታለፍ የማይገባው ነጥብ

እዚህ ላይ ለኛ ለሙስሊሞች ከትርፉ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ። የሱቅ ፎቶ ለጥፎ፣ «2,500 ብር» ብሎ፣ ገንዘብ ተቀብሎ፣ ከዚያ ሄዶ ዕቃውን መግዛት በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ሆኗል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ሐኪም ኢብን ሒዛምን እጁ የሌለውን ነገር እንዳይሸጥ ከልክለውታል። ከዕቃው በፊት ሽያጩ ተፈጽሟል፤ ሱቁ ውስጥ ዕቃው ቢያልቅ ወይም ዋጋው ቢጨምር ገዢዋና ሻጯ መጨቃጨቃቸው አይቀርም።

የአዲስ አበባዋ እህትም ፎቶ ነው የምትለጥፈው። ልዩነቱ አባያው በአጎቷ መደርደሪያ ላይ ያለ መሆኑና እሷም በፈቃዱና በተስማሙት መሠረት የሱን ዕቃ የምትሸጥ ወኪል መሆኗ ነው። የአርባ ምንጯ እህት ያንኑ ፎቶ ብትለጥፍ ግን የሷ ያልሆነን፣ ባለቤቱም ያልወከላትን ዕቃ መሸጥ ይሆናል። ከውጭ ሲታይ አንድ ዓይነት ሥራ ነው፤ ውሉ ግን የተለያየ ስለሆነ ብይኑም ይለያያል።

ለሷ የሚሆነው ግልጽ መንገድ ወካላ ነው፤ የገዢዎቹ ወኪል መሆን። «እኔ አባያ አልሸጥልሽም፤ ገዝቼ አመጣልሻለሁ። ሱቁ የሚጠይቀው ይህን ያህል ነው፣ የድካሜ ይህን ያህል ነው» ትላለች። በዚህ ውል ውስጥ የሱቁን እውነተኛ ዋጋ መናገር ግዴታዋ ነው። ሻጩ 100 ብር ቢቀንስላት ቅናሹ የገዢዋ ነው፤ ዝም ብላ ኪሷ ልትከተው አይገባም። የተረከበችው ገንዘብም አማና ነው። ሁለተኛው መንገድ በተቃራኒው የሱቁ ወኪል ሆኖ ከሱቁ ኮሚሽን መቀበል ነው። በአንድ ሽያጭ ግን የሁለቱንም ክፍያ ሳይነገር መሰብሰብ ሁለቱንም ማታለል ነው። ዕቃው በመንገድ ቢጠፋ፣ ወይም ሳይዙ ቢሳሳት ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ አስቀድሞ መነጋገርና ዝርዝሩን የምታምኗቸውን ኡስታዝ መጠየቅ ይገባል።

የተስተካከለው ንግድ በቁጥር

አሁን ጓደኛዋ ተቀናቃኝ ሳትሆን አቅራቢ ትሆናለች። የአርባ ምንጯ እህት ትእዛዝ ሰብስባ ትልካለች፤ የአዲስ አበባዋ ከአጎቷ ሱቅ በ2,200 ብር ታቀርባለች፤ የሷ ትርፍ 200 ብር ነው። ዕቃው ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ይላካል፤ የጭነቱ ሒሳብ ለአንዱ 50 ብር ይደርሳል እንበል። የአርባ ምንጯ እህት የውክልና ክፍያ 200 ብር ነው። ገዢዋ በአጠቃላይ 2,450 ብር ትከፍላለች፤ እያንዳንዱ ብር ለምን እንደሆነም ታውቃለች።

በአንድ ዙር 15 ትእዛዝ ብትሰበስብ 3,000 ብር ታገኛለች። ጓደኛዋም 3,000 ብር ታገኛለች። ከራሷ ያወጣችው መነሻ ገንዘብ የለም። ሻንጣ ውስጥ የቀረ ቡናማ 60ም የለም፤ የመጣው ሁሉ አስቀድሞ ባለቤት ያለው ነው። ገንዘቡ የሚሰበሰበው ትእዛዙ ሲዘጋ ስለሆነ ዱቤም አይገባበትም። «ወኪል ነኝ፣ ሱቁ ደግሞ በዱቤ አይሰጥም» ማለት ለጀመዓ እህትም ቢሆን ለመናገር አይከብድም።

ዙሩ እንዲህ ይሄዳል። ትእዛዝ የሚዘጋበትን ቀን አስቀድማ ትናገራለች። ያዘዘችውን ሁሉ ራሷ ትለካለች፤ ቁጥሩን፣ ቀለሙንና የጨርቁን ዓይነት በደብተር ጽፋ ታሳያታለች። ገንዘቡን ከራሷ ገንዘብ በተለየ ሒሳብ ትቀበላለች። ዕቃው ሲደርስ ያዘዘችው ባለችበት ይከፈታል። ዙሩ በየወሩ አይደለም፤ ገበያው የዓመት 50 ስለሆነ በዓመት ሁለት ዙር ይበቃል። አንዱ ከዒድ አንድ ወር ተኩል ያህል ቀደም ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ዕቃው ዘግይቶ ከዒድ በኋላ ቢደርስ ትርጉም የለውምና።

ሐቁን እንናገር፤ ሁለት ዙር በዓመት 6,000 ብር ነው። የጓደኛዋን የወር ገቢ እንኳ አያክልም። ግን ይህ የአርባ ምንጩ ገበያ በእርግጥ የሚችለው መጠን ነው። የመጀመሪያው ዕቅድ 46,000 ብር አስይዞ 3,300 ብር አስከሰራት፤ ይህኛው ምንም ሳያስይዝ 6,000 ብር ሰጣት።

ገቢውን ማሳደግ ብትፈልግ ገበያው ጠባብ ስለሆነ ተጨማሪ አባያ አይጠቅማትም። ያንኑ 150 ሰው ደጋግሞ የሚያስመጣ ነገር ያስፈልጋታል። ሂጃብ፣ ከሥሩ የሚደረግ ኢነር፣ ስፒል፣ እጅጌ በተደጋጋሚ የሚገዙ ናቸው። ሳይዝ አያስቸግሩም፣ ክብደትም የላቸውም፤ ከአባያው ጥቅል ጋር አብረው ይጫናሉ። እነዚህን በራሷ ገንዘብ ገዝታ፣ እጇ ካስገባች በኋላ መሸጥ ትችላለች። በ150 ብር ሒሳብ 20 ሂጃብ ብትገዛ 3,000 ብር ነው። በ200 ብር ስትሸጥ አሥራ አምስተኛው ላይ ገንዘቧ ይመለሳል፤ የቀሩት አምስቱ ትርፍ ናቸው። ባይሸጡ እንኳ ራሷ ትለብሳቸዋለች። ለሙከራ የሚሆነው እንዲህ ያለ ዕቃ ነው፤ ስሕተቱ ውድ የማይሆን።

እየሠራ እንዳልሆነ በምን እናውቃለን?

ከመጀመራችን በፊት የማቆሚያውን መስመር በደብተር መጻፍ ይጠቅማል። ለምሳሌ «በሁለት ተከታታይ ዙር ከስድስት በታች ትእዛዝ ከመጣ አቆማለሁ፤ ለሂጃብም ከ3,000 ብር በላይ አላስገባም» የሚል። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ልብ ስለሚሞቅ ይህን መስመር ማስመር አስቸጋሪ ነው።

ከዚያ ውጭ ሦስት ምልክቶችን ተመልከቱ። አንደኛ፣ በመጀመሪያው ዙር የገዙት ራሳቸው ወይም ጓደኞቻቸው በሁለተኛው ዙር ካልመጡ፣ የመጀመሪያዎቹ የገዙት ለእናንተ ብለው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ የዱቤ ዝርዝሩ ከእጅ በእጅ ሽያጩ ከበለጠ ደብተሩ ላይ ያለው ትርፍ እጃችሁ የለም። ሦስተኛው ከሁሉም የከፋ ነው። የዚህን ዙር ገንዘብ ተቀብላችሁ የባለፈውን ዙር ጉድለት ከሸፈናችሁበት፣ ወይም ለምሳና ለትራንስፖርት ከነካችሁት፣ ንግዱ ያን ቀን ቆሟል። የሰው አማና በሌላ ሰው አማና እየተከፈለ ነው። ገዢው ባያውቅም እናንተ ታውቃላችሁ፤ አላህም (ሱ.ወ) ያውቃል። ያን ጊዜ አዲስ ትእዛዝ መቀበል አቁሞ ለእያንዳንዷ ገዢ ገንዘቧን ወይም ዕቃዋን ማድረስ ይቀድማል።

ይህን ሁሉ ያየነው በአባያ ላይ ነው። የጓደኛችሁ ንግድ ሳንቡሳ፣ ፎቶ ኮፒ ወይም የስልክ ዕቃ ቢሆንም አራቱን ጥያቄዎች ይዛችሁ ሂዱ። መልሱ ሲመጣ አጎት ያለበትን ቦታ ፈልጉ፤ በአብዛኛው ንግድ ውስጥ አንድ አጎት አለ። በአንዱ የእናት ወጥ ቤት ነው፣ በሌላው ኪራይ የማይከፈልበት የቤተሰብ ሱቅ ነው፣ በሦስተኛው ለአሥር ዓመት የተገነባ ስም ነው። እሱን በወረቀት ላይ ሰርዛችሁ ሒሳቡን እንደገና ሥሩት። የቀረው ቁጥር የእናንተ ንግድ ነው።

አላህ ሐላልና በረካ ያለው ሪዝቅ ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።